ስልክዎ ድንገት ኔትወርክ ሲያጣ፦ የሲም ቅየራ ሌቦችን የሚጠቅሙ ስህተቶች

ማታ ነው። ሶፋ ላይ ጋደም ብለው ቪዲዮ እያዩ ነው። ዋይፋይ ስላለ ቪዲዮው አልተቋረጠም። ስልኩ ጥግ ላይ ግን ኔትወርኩ ጠፍቶ No Service የሚል ጽሑፍ ወጥቷል። ብዙ ሰው ጭራሽ አያየውም። ያየውም ቢሆን "ነገ ይስተካከላል" ብሎ ይተኛል። ሌባው የሚፈልገው ይህችን "ነገ" ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ መጀመሪያ ላስረዳ። ብዙዎቻችን ስልክ ቁጥራችን ሲም ካርዱ ውስጥ የተቀመጠ ይመስለናል። ሲሙ ውስጥ ያለው ዋናው ነገር የሲሙ የራሱ መለያና ሚስጥራዊ ቁልፍ ነው። "ይህ ቁጥር የዚህ ሲም ነው" የሚለው መዝገብ ያለው ኦፕሬተሩ ዘንድ ነው። ሲም ሲጠፋብን ሄደን ያንኑ ቁጥር በአዲስ ሲም የምናወጣውም በዚህ ምክንያት ነው። ሌባውም የሚገባው በዚሁ በር ነው። በሐሰተኛ መታወቂያ ይሁን፣ ሠራተኛውን በስልክ አታሎ ይሁን፣ ወይ ጉቦ ሰጥቶ፣ ቁጥርዎን እጁ ላይ ወዳለ ሲም ያዞረዋል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የእርስዎ ሲም ተራ ፕላስቲክ ነው። ስልክዎን ማንም አልነካውም፣ ቫይረስም አልገባበትም። የሚላክልዎ የማረጋገጫ ኮድ ሁሉ ግን የሚደርሰው እሱ ጋ ነው።

"ኔትወርክ ነው፣ ይመለሳል" ማለት

ኔትወርክ ስለጠፋ ብቻ ተዘርፈዋል ማለት አይደለም። አንቴና ይበላሻል፣ ሲም ያረጃል፣ የአውሮፕላን ሞድ ሳናውቀው ይበራል። ስለዚህ መደንገጥ አያስፈልግም፤ መለየት ግን ያስፈልጋል። ለመለየት ደግሞ ከ5 ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

ስልኩን አጥፍተው ያብሩት። ካልመጣ አጠገብዎ ያለ፣ የእርስዎን ኦፕሬተር የሚጠቀም ሰው ይጠይቁ። የሱ ከሠራ የአካባቢው ኔትወርክ አልተቋረጠም። ቀጥሎ ዋናው ፈተና ይመጣል፦ በሱ ስልክ የራስዎን ቁጥር ይደውሉ። የእርስዎ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጸጥ ብሎ፣ በዚያኛው ጆሮ ላይ ግን ጥሪው የሚጠራ ከሆነ ቁጥርዎ ሌላ ቦታ በርቷል ማለት ነው። ጥሪዎ ወደ ሌላ ቁጥር እንዲዞር ራስዎ አስቀድመው ካላስተካከሉ በቀር አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ትርጉም የለውም።

"የደወሉላቸው ደንበኛ ስልክ ዝግ ነው" ቢል ግን እፎይ አይበሉ። ሌባው ኮዱን ተቀብሎ ስልኩን አጥፍቶት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ከመጥፋቱ በፊት የመጡ መልእክቶችን ይዩ። ብዙ ኦፕሬተሮች ሲም ሲቀየር ወደ አሮጌው ሲም ማሳወቂያ ይልካሉ። ኢሜይልዎንም ይክፈቱ፤ ባልጠየቁት ነገር "ፓስወርድዎ ተቀይሯል" የሚል መልእክት ካገኙ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግዎትም።

ደንግጦ "ኮድ ይላክልኝ" መንካት

ይህኛው በጣም ያሳዝነኛል። ሰውየው ነቅቷል፣ ሊከላከል ሮጧል፣ ግን በራሱ እጅ ኮዱን ለሌባው ይልካል።

አንድ ምሽት በደቂቃ እንቁጠር። ኔትወርኩ የጠፋው ከምሽቱ 3:10 ነው እንበል። በ3:12 ሌባው ኢሜይልዎ ላይ ገብቶ "ፓስወርድ ረሳሁ" ይላል። ኮዱ ወደ ቁጥርዎ ይላካል፤ እሱ እጅ ይገባል። በ3:14 ኢሜይሉ አዲስ ፓስወርድ አለው። ከዚያ የኢሜይሉ መፈለጊያ ላይ "ባንክ" ብሎ ይጽፋል። የት የት አካውንት እንዳለዎት ራሱ ኢሜይልዎ ይነግረዋል። በ3:20 የገንዘብ አካውንቶች ላይ ደርሷል።

እርስዎ በ3:15 ነቅተው የባንክ መተግበሪያውን ከፍተው ፓስወርድ ለመቀየር ቢሞክሩ፣ መተግበሪያው "ኮድ ልከናል" ይልዎታል። ኮዱ የሄደው ለማን ነው? ለሌባው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ በሌላ ሰው ስልክ ወደ ኦፕሬተሩ ይደውሉ። "ኔትወርክ የለኝም" አይበሉ፤ እንዲህ ካሉ ስልክዎን አጥፍተው እንዲያበሩ እየነገሩ 10 ደቂቃ ያቆዩዎታል። "እኔ ሳላዝ ሲሜ ተቀይሯል፣ ቁጥሩን አሁኑኑ አግዱልኝ" ይበሉ። ልብ ይበሉ፣ የጠየቁት እገዳ እንጂ ማስመለስ አይደለም። ማስመለስ በአካል ሄዶ መታወቂያ ማሳየት ሊጠይቅ ይችላል። ቁጥሩ ከታገደ ግን ኮዱ ለማንም አይደርስም፤ ለጊዜው የሚበቃዎ እሱ ነው።

ጥሪው እስኪነሳ ድረስ በራስዎ ስልክ በዋይፋይ ኢሜይሉን ይያዙ። ከአካውንቱ ካልወጡ አሁንም ውስጥ ነዎት። ፓስወርዱን ይቀይሩ፣ ስልክ ቁጥርዎን ከመልሶ ማግኛው ላይ ያጥፉ፣ ሌሎች መሣሪያዎችን ሁሉ ያስወጡ። ማረጋገጫ ሲጠይቅዎ በቴክስት የሚለውን ትተው "ሌላ መንገድ" የሚለውን ይምረጡ። አጠገብዎ ሰው ካለ በዚሁ ሰዓት ወደ ባንክ ይደውልልዎና እርስዎን ያገናኝዎት፤ ባንኩን ዝውውር ሁሉ እንዲያቆም ይጠይቁት።

የሲም ፒን ይጠብቀኛል ብሎ መተማመን

የሲም ፒን ጥሩ ነገር ነው። ስልክዎ ቢሰረቅና ሌባው ሲሙን አውጥቶ ሌላ ቀፎ ላይ ቢከተው ፒኑ ያግደዋል፤ 3 ጊዜ ከተሳሳተ ይቆለፋል። ሲም ቅየራ ላይ ግን ምንም አያደርግም። ሌባው የያዘው የእርስዎን ሲም አይደለማ! አዲስ ሲም ነው፣ የሱም ፒን የራሱ ነው። እዚህ የሚጠቅመው ኦፕሬተሩ ዘንድ አካውንትዎ ላይ የሚደረግ የሚስጥር ቁጥር ወይም የቁጥር መቆለፊያ ነው። አለ ወይ ብለው ይጠይቁ። ካለ ዛሬውኑ ያስገቡ። ካርድ የሌለው፣ ስልኩ ውስጥ የተሠራ ኢሲም ስለምጠቀም አይነካኝም ማለትም ያው ነው፤ ኢሲምም ከመዝገቡ ላይ ይዛወራል።

በሩን ቆልፎ መስኮቱን ክፍት መተው

"እኔ እኮ ኦተንቲኬተር አለኝ" የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ መተግበሪያ የሚያወጣው፣ በየ30 ሴኮንዱ የሚቀያየረው ባለ 6 አሃዝ ኮድ የሚሰላው ስልኩ ውስጥ ነው፤ ከቁጥርዎ ጋር አይገናኝም፣ ስለዚህ ሲም ቢቀየርም አይሄድም። እዚህ ድረስ ትክክል ናቸው።

ችግሩ ከስር ያለው ነው። የመግቢያ ገጹ ላይ "ሌላ መንገድ ይሞክሩ" የሚለውን ይንኩት። ስልክ ቁጥርዎ ጭራው ብቻ እየታየ ከመጣ፣ ኦተንቲኬተሩ ጌጥ ነው። ሌባው በጠንካራው በር መታገል ምን ቸገረው? ቁጥሩ ለመልሶ ማግኛ ከተመዘገበ ደግሞ ፓስወርድዎን ማወቅ ላያስፈልገው ይችላል።

ይህ በትልቅ መሥሪያ ቤት ላይም ደርሷል። በጃንዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የአክሲዮንና የሰነዶች ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን የኤክስ አካውንት ተጠልፎ፣ ስለ ቢትኮይን የሐሰት ማስታወቂያ ወጣበት። የቢትኮይን ዋጋም ለአፍታ ዘለለ። የሆነው እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው ሐሰተኛ መታወቂያ አትሞ ወደ ሱቅ ይሄዳል፣ ስልኬ ተበላሽቷል ብሎ ከአካውንቱ ጋር በተያያዘው ቁጥር አዲስ ሲም ያወጣል፣ አዲስ ስልክ ገዝቶ ይከተዋል፣ የመጣውን ኮድ ለግብረ አበሮቹ ያቀብላል። ከዚያ ስልኩን መልሶ ገንዘቡን ተቀበለ። (ይህችኛዋ አሳቀችኝ።) አካውንቱ ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ከወራት በፊት ጠፍቶ ነበር። ለጠላፊዎቹ ፓስወርዱን ለመቀየር ስልክ ቁጥሩ በቂ ሆነ።

የእርስዎን ለማስተካከል ከኢሜይል ይጀምሩ። ኦተንቲኬተር ወይም በፓስወርድ ፋንታ በጣት አሻራ ወይም በስልክዎ መክፈቻ የሚያስገባውን ፓስኪ ያስገቡ፣ መጠባበቂያ ኮዶቹን ወረቀት ላይ ይጻፉ፣ ከዚያ ብቻ ስልክ ቁጥሩን ያጥፉ። ቅደም ተከተሉን ካዛቡት ራስዎን ውጪ ይቆልፋሉ። ቁጥር እንዲያጠፉ የማይፈቅድ ባንክ ሊገጥምዎ ይችላል። እዚያ ያለዎት አማራጭ የቀን የዝውውር ጣሪያውን ዝቅ ማድረግ ነው።

ቴሌግራምና ዋትስአፕ የሚከፈቱት በቁጥር ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ያብሩ። ቴሌግራም ላይ ይህ ካልበራ ኮዱን ያገኘ ሰው ከሚስጥር ቻት በቀር የቆየ ቻትዎን ሁሉ ያያል፤ ቻቱ የሚቀመጠው ሰርቨር ላይ ነውና።

ለማያውቁት ቁጥር መልሶ መደወል

ይህ ከሲም ጋር የሚገናኝ አይመስልም፤ ግን ይገናኛል። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት 5 የአሜሪካ ኦፕሬተሮችን ሲፈትሹ፣ አንዳንዶቹ ሲም ለመቀየር "በቅርቡ የደወሉላቸውን ቁጥሮች ይንገሩን" ብለው እንደሚጠይቁ አገኙ። አሁን ሌባው ምን ያደርጋል? ሚስኮል ይሰጥዎታል። እርስዎ "ማነው?" ብለው ይደውላሉ። በቃ፣ የጥያቄውን መልስ አዘጋጁለት። ባልጠበቁት ጊዜ ከማያውቁት ቁጥር ሚስኮል ከተደጋገመ መልሰው አይደውሉ። ከኦፕሬተሩ ነን እያለ የመጣልዎን ኮድ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ምንም ዓይነት ምክንያት ቢያቀርብ አይስጡት።

ቁጥሩ ሲመለስ "ተገላገልኩ" ማለት

ሲሙ በስምዎ ተመልሶ ኔትወርኩ ሲመጣ ደስ ይላል። ሌባው ግን ውስጥ ሊኖር ይችላል። ኢሜይሉ ላይ የማስተላለፊያና የማጣሪያ ሕጎችን ይክፈቱ። ከባንክ የሚመጣውን ሁሉ ወደ ሌላ አድራሻ የሚልክ ወይም ወደ ቆሻሻ የሚጥል ሕግ ትቶ ሊሄድ ይችላል፤ ፓስወርድ ቢቀይሩም ሕጉ አይጠፋም። ቴሌግራም ላይ Devices የሚለውን ገብተው የማያውቁትን ያስወጡ። ጥሪዎ ወደ ሌላ ቁጥር እየዞረ መሆኑን ለማየት ይህን ይደውሉ፦

```
*#21#
```

የማያውቁት ቁጥር ከወጣ በዚህ ይሰርዙት፦

```
##002#
```

ከኦፕሬተሩ ቢሮ ሳይወጡ ደግሞ አንድ ወረቀት ይጠይቁ። ሲሙ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ቅርንጫፍ ወይም በምን መንገድ እንደተቀየረ የሚገልጽ የጽሑፍ ማረጋገጫ ነው። ባንኩ "ኮዱን ያስገባው ራስዎ ነዎት" ሲልዎ፣ ኮዱ በ3:20 ሲላክ ቁጥሩ ከ3:10 ጀምሮ በእጅዎ እንዳልነበረ የሚያሳየው እሱ ወረቀት ነው። ለፖሊስ ሲያመለክቱም ቅጂውን ያያይዙት።