የአኖቫ ሠንጠረዥ ሲጎድል፦ የጠፋውን የካሬ ድምር ማግኘትና Fን ማንበብ

ሱሉልታ ላይ አራት ዓይነት መኖ ለ24 ላሞች ተሰጠ እንበል፤ ለእያንዳንዱ መኖ ስድስት ላም። በቀን የታለበው ወተት አማካይ ለድርቆሽ ብቻ 8 ሊትር፣ ድርቆሽ ከፉርሽካ ጋር 9፣ ከቢራ አተላ ጋር 11፣ ከኑግ ፋጉሎ ጋር 12 ነው። ቁጥሮቹ ለመልመጃ የተሠሩ ናቸው። አኖቫ የአራቱ መኖዎች አማካይ እኩል ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የሚፈትን ስሌት ነው። የተሰጠን ሠንጠረዥ ግን ይሄ ብቻ ነው፦

```
ምንጭ          SS    df   MS    F
በመኖዎች መካከል   ?     3    ?     ?
በመኖ ውስጥ      ?     20   4.5
ጠቅላላ         150   23
```

SS የካሬ ድምር፣ df የነፃነት ደረጃ፣ MS ደግሞ SS ለ df ሲካፈል የሚገኘው አማካይ ካሬ ነው፤ F የመካከሉ MS ለውስጡ MS ሲካፈል የሚገኘው ነው። ስለዚህ የውስጡ SS 4.5 × 20 = 90 ይሆናል። ከጠቅላላው ሲቀነስ 150 − 90 = 60 ለመካከሉ ይቀራል። 60 ÷ 3 = 20፣ ቀጥሎም F = 20 ÷ 4.5 = 4.44።

ከዚህ ቀጥሎ ስሌቱ ወይም ንባቡ ሲሳሳት የሚታዩ ምልክቶችና መፍትሄያቸው ነው።

ምልክት፦ F ከመቶ በላይ ወጣ። 4.5ን የካሬ ድምር አድርጋችሁ ወስዳችኋል። 150 − 4.5 = 145.5፣ ለ3 ሲካፈል 48.5፤ 4.5 ደግሞ እንደገና ለ20 ተካፍሎ 0.225 ሆነ፤ F ወደ 215.6 ዘለለ። መፍትሄው ቁጥሩ በየትኛው ዓምድ ሥር እንደተጻፈ ማየት ነው። MS ሥር ካለ መጀመሪያ በ df ይባዛል፤ እዚያው ላይ መልሶ ማካፈል የለም።

ምልክት፦ F ከአንድ በታች፣ 0.225 ወጣ። ክፍልፋዩ ተገልብጧል። የመካከሉ MS ከላይ፣ የውስጡ ከታች ነው። F ከአንድ ማነሱ ብቻውን ግን ስህተት መሆኑን አያሳይም፤ ቡድኖቹ ሲቀራረቡ በእርግጥም ያንሳል።

ምልክት፦ መልሱ ደህና ይመስላል፣ ግን F 3.44 ነው። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ምንም አይጮህም። ለውስጡ df 20 በማስገባት ፋንታ 24 − 1 = 23 ተወስዷል። 4.5 × 23 = 103.5፤ ለመካከሉ 46.5 ይቀራል፤ ለ3 ሲካፈል 15.5፤ F 3.44። 23 የጠቅላላው ነው። የውስጡ የላሞች ቁጥር ሲቀነስ የቡድኖች ቁጥር ነው፦ 24 − 4 = 20። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ 3 + 20 ጠቅላላውን 23 መስጠት አለበት፣ 3 + 23 ግን 26 ነው። አንዲትን ላም ስድስት ቀን አልቦ ስድስት ላም ብሎ መቁጠርም df ያሳብጣል፤ ያኔ ሠንጠረዡ በሒሳብ ቢገጥምም ውጤቱ አይታመንም።

አማካዮቹ ካሉ ሌላ ማጣሪያ አለ። የአራቱ አማካይ 10 ነው፤ ልዩነቶቹ −2፣ −1፣ 1፣ 2፤ ካሬዎቻቸው ተደምረው 10፤ በስድስት ላም ሲባዛ 60። ከላይ በመቀነስ ካገኘነው ጋር ገጠመ።

ምልክት፦ ሁለቱም SS ጠፍተው MSም የለም፣ F፣ df እና ጠቅላላው SS ብቻ ተሰጥቷል። ብዙ ሰው «መረጃ ጎደለ» ብሎ ይተወዋል፤ ግን ይፈታል። F የሁለቱን MS ጥምርታ ስለሚነግረን፣ የመካከሉ SS የውስጡን ስንት እጅ እንደሆነ እናውቃለን፦ 4.44 × 3 ÷ 20 = 0.666። ጠቅላላው እንግዲህ የውስጡ 1.666 እጅ ነው፤ 150 ÷ 1.666 ወደ 90 ይሰጣል። F ከነጥብ በኋላ በሁለት አሃዝ ስለተጠጋጋ ጥቂት ነጥብ ሊዛነፍ ይችላል። ጠቅላላው SSም ከሌለ ግን F እና df ብቻ አይበቁም፤ ሁሉንም SS በእጥፍ ብታሳድጉት እንኳ F ያው ነው።

ምልክት፦ F ትክክል ነው፣ ድምዳሜው ግን «ልዩነት የለም» ሆነ። በF ሰንጠረዥ ላይ ዓምዱና ረድፉ ተቀያይረዋል። መጀመሪያ የመካከሉ df (3)፣ ከዚያ የውስጡ (20) ይነበባል፤ በ5 በመቶ ወሰኑ 3.10 ነው። ቢገለበጥ 8.66 ይመጣና 4.44 ትንሽ ይመስላል። በኤክሴል እንዲህ ይጻፋል፦

```
=F.DIST.RT(4.44,3,20)
```

0.015 አካባቢ ያወጣል፤ ይህም አማካዮቹ በእውነት እኩል ቢሆኑ 4.44 ወይም ከዚያ በላይ F የመውጣት ዕድል ነው። በ5 በመቶ ልዩነት አለ፤ በ1 በመቶ ግን ወሰኑ 4.94 ስለሆነ አያልፍም። ስለዚህ ወሰኑን አስቀድሞ መምረጥ ይገባል እንጂ ውጤቱ ታይቶ አይደለም።

ምልክት፦ «ፋጉሎ ከሁሉም ይበልጣል» ተብሎ ተጻፈ። F ይህን አላለም፤ ያለው የአራቱ አማካይ እኩል ነው የሚለው አይቆምም ብቻ ነው። የትኛው ከየትኛው እንደሚለይ ለማወቅ አማካዮቹን ሁለት ሁለት እያደረገ የሚያወዳድረውን የቱኪን ፈተና አስከትሉ፤ በ5 በመቶ ለ4 ቡድንና ለውስጡ df 20 ከቱኪ ሠንጠረዥ የሚነበበው 3.96 ነው፦ 3.96 × √(4.5 ÷ 6) = 3.43 ሊትር። ከዚህ የሚበልጠው የፋጉሎና የድርቆሽ ብቻ ልዩነት (4 ሊትር) ነው። ፋጉሎ ከፉርሽካ በ3 ሊትር ቢበልጥም ወሰኑን አያልፍም።