የተራራቁ ጓደኞችን በአንድ የፊልም ፖስተር ላይ ማሰባሰብ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አምስታችን አንድ ክፍል ውስጥ ከተቀመጥን ስምንት ዓመት ሆነን። ሁለታችን አዲስ አበባ ነን፤ አንዱ ዱባይ፣ አንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንዱ ደግሞ ቴል አቪቭ። አዲስ አበባ ያለው ጓደኛችን ሊያገባ ሲል ለስጦታ እንዲሆን አምስታችንንም እንደ ፊልም ተዋናዮች በአንድ ፖስተር ላይ ላሰባስብ ተነሳሁ። የመጀመሪያው ሙከራዬ ከመጽሔት ላይ በመቀስ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስል ነበር። ሁለተኛው ዛሬ ሙሽራው ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል። በሁለቱ መካከል ምን እንደተቀየረ ነው የምነግራችሁ።

ያለውን ፎቶ ሰብስቦ መጀመር

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። «ቆንጆ የሆነውን ፎቶህን ላክልኝ» ብዬ ጻፍኩ። ሁሉም ቆንጆውን ላኩ። ሙሽራው በቀትር የተነሳውን ላከ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በ9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለምትርቅ በ6 ሰዓት ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ ዓይኖቹ ጥላ ውስጥ ገብተው ግንባሩ ብቻ ያበራል። የዱባዩ ቢሮ ውስጥ ከጣሪያ አምፖል ሥር ተነስቷል፤ ፊቱ አረንጓዴ ቢጤ ነው። የሲልቨር ስፕሪንጓ መስኮት አጠገብ ናት፤ አንድ ጉንጯ ብሩህ፣ ሌላው ለስለስ ያለ ጥላ። የቴል አቪቩ ማታ በፍላሽ የተነሳ ነው፤ ፊቱ ዝርግ ብሎ ምንም ጥላ የለውም።

እያንዳንዱ ፎቶ ለብቻው ሲታይ ምንም አይወጣለትም። ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን አራት ፀሐይ ያለበት ዓለም ይሆናል። የሚያየው ሰው ምክንያቱን መናገር ባይችልም ፎርጅድ መሆኑን ወዲያው ያውቃል።

ብርሃን ሦስት ነገር አለው፦ ቀለም፣ ጥንካሬ እና አቅጣጫ። ቀለሙን በኮምፒውተር ማስተካከል ቀላል ነው። ጥንካሬውን በተወሰነ ደረጃ ማለስለስ ይቻላል። አቅጣጫውን ግን መቀየር ፊቱን እንደገና እንደመሳል ነው። ስለዚህ አቅጣጫው ፎቶው ከመነሳቱ በፊት መወሰን አለበት።

ሁለተኛው ዙር ላይ ለሁሉም አንድ ዓይነት መልእክት በቴሌግራም ላክሁ። «ቀን ላይ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት መስኮት አጠገብ ቁም። የቤቱን መብራት አጥፋ። መስኮቱ በቀኝ ትከሻህ በኩል፣ ትንሽ ወደ ፊት ይሁን። ሌላ ሰው በኋላ ካሜራ ያንሳህ። ፎቶውን እንደ ፋይል ላክልኝ።» እያንዳንዱ ቃል ምክንያት አለው። የተነሺው ቀኝ ለተመልካቹ ግራ ነው፤ «ብርሃኑ ከግራ ይምጣ» ብላችሁ ብትጽፉ ግማሹ ሰው በራሱ ግራ፣ ግማሹ በካሜራው ግራ ይረዳዋል። የሰልፊ ካሜራ ደግሞ በአንዳንድ ስልኮች ላይ ፎቶውን እንደ መስታወት ገልብጦ ያስቀምጠዋል። እንደ ፎቶ የተላከውን ደግሞ ቴሌግራም ያሳንሰዋል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል።

ፎቶዎቹ ሲደርሷችሁ አጉሉና ሁለት ቦታ እዩ። አንደኛው የአፍንጫ ጥላ ነው። በሁሉም ላይ ወደ አንድ ጎን መውደቅ አለበት። ሁለተኛው ዓይን ብሌን ላይ ያለችው ነጭ ነጥብ ናት፤ የመስኮቱ ነጸብራቅ ናት። ብርሃኑ ከግራ ከላይ ከሆነ ነጥቧ በሰዓት መደወያ ላይ 10 ቁጥር ያለበት አካባቢ ትቀመጣለች። የአንዱ ጓደኛችሁ 2 ቁጥር ላይ ከሆነች መስኮቱ በተቃራኒው ነበር።

«ታዲያ ፎቶውን ብገለብጠውስ?» ትሉ ይሆናል። አንዳንዴ ያዋጣል። ግን የፀጉሩ ክፍፍል፣ ሰዓት ያሰረበት እጅ፣ ቲሸርቱ ላይ ያለው ጽሑፍ፣ ነጠላው የወደቀበት ትከሻ አብረው ይገለበጣሉ። ፊትም ግራና ቀኙ አንድ አይደለም፤ በቅርብ የሚያውቁት ሰዎች «ምን ሆኖ ነው?» ማለታቸው አይቀርም። ከአናት ለመጣ ብርሃን ደግሞ መገልበጥ ምንም አይፈይድም።

ባክግራውንዱም የዚሁ ጉዳይ አካል ነው። እኔ መጀመሪያ ከእንጦጦ የተነሳ የጀምበር መጥለቂያ ፎቶ ከኋላ አደረግሁ። ፀሐይዋ ከጀርባቸው ከሆነች ፊታቸው መጨለም፣ የፀጉራቸው ጠርዝ መንደድ ነበረበት። ፊታቸው ግን ከግራ ፏ ብሏል። አምስት ፊት ከማስተካከል አንድ ባክግራውንድ መቀየር ይሻላል። ፀሐይዋ ከፎቶው ውጭ በግራ የሆነችበትንና ደመና ያለውን ሰማይ ተጠቀምሁ።

በቅርብ ማንሳት፣ ከታች ማንሳት

ስልክን ከፊት በክንድ ርቀት ይዞ ማንሳት አፍንጫን ያተልቃል፣ ጆሮን ወደ ኋላ ይሸሽጋል። በሁለት ሜትር ተኩል ርቀት የተነሳ ሰው አጠገቡ ሲቆም ሁለቱ የተለያየ ፍጥረት ይመስላሉ። ይህን የሚያመጣው ርቀቱ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር ርቆ በ2x ዙም ይነሳ። ካሜራው በዓይን ቁመት ይሁን። የአንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ፣ የሌላው የአናት ፀጉር የሚታይ ከሆነ አንዱ ከታች፣ ሌላው ከላይ ተነስተዋል፤ ያ አይታረቅም። ያለ ማመንታት እንደገና አስነሱ።

እንደ ክፍል ፎቶ መደርደር

አምስቱን ትከሻ ለትከሻ፣ ጭንቅላታቸውን በአንድ መስመር ካቆማችኋቸው የምረቃ ፎቶ ይሆናል። የፊልም ፖስተር ታሪኩ የማን እንደሆነ በመጠን ይናገራል። የኛ ታሪክ የሙሽራው ስለነበር እሱን መካከል ላይ ትልቅ አደረግሁ። ሁለቱን ከእሱ ኋላ በግራና በቀኝ፣ ጭንቅላታቸውን የእሱን ሦስት አራተኛ ያህል። የቀሩትን ሁለት ከላይ ወደ ጠርዝ፣ ግማሽ ያህል። ትከሻቸው እርስ በርስ ይደራረባል፤ በመካከላቸው ባዶ ቀዳዳ ካለ ወዲያው ይበታተናሉ።

የዓይኖቻቸው ቁመት ከፍና ዝቅ ይበል። ወዴት እንደሚያዩም አስቡበት። ሙሽራው ወደ ተመልካቹ ያያል። የዳር ሰዎች ወደ ውስጥ ቢያዩ የተመልካቹ ዓይን እዚያው ይቆያል። ሁለቱም ወደ ውጭ ካዩ ዓይን ከፖስተሩ ይወጣል። የታችኛውን ሩብ ለርዕሱ ተዉት። የሰዎቹ ደረት እዚያ ጋ እንደ ጭጋግ እየጠፋ ይሂድ፤ ወገባቸው ላይ በቀጥታ የተቆረጠ መስመር መታየት የለበትም።

ሌላ ነገር፦ ማን የት እንደሚቆም የፎቶው ጥራትም ይወስናል። ባለ 24 በ36 ኢንች ፖስተር ለማተም እኔ በ4000 በ6000 ፒክስል ነው የሠራሁት። ትንሽ ፎቶ የላከን ሰው ከመጠኑ በላይ ካሳደጋችሁት ይደበዝዛል። እሱ ከኋላ ትንሽ ሆኖ ይቁም። ዋናው ሰው ላይ ግን ይህ አይሠራም፤ ሙሽራውን ራሴ ሄጄ አነሳሁት።

ድርድሩ ሲያልቅ ፖስተሩን የቴምብር ያህል አሳንሱትና እዩት። መጀመሪያ የሚታየው ማን ነው? ሙሽራው ካልሆነ አላለቀም።

ጠርዙን በጥድፊያ መቁረጥ

ጎፈሬና ሹሩባ በአንድ ቁልፍ ተጭኖ አይቆረጥም። ጥቁር ፀጉር ነጭ ግድግዳ ፊት ከተነሳ ግን አቋራጭ አለ። ፎቶሾፕ ውስጥ ያንኑ ፎቶ በሁለት ሌየር ደርቡት። የታችኛውን ወደ Multiply ቀይሩት፤ ነጩ ግድግዳ ጠፍቶ ፀጉሩ ብቻ ይቀራል። የላይኛው ላይ ፊቱንና ልብሱን ብቻ አስቀርታችሁ ሌላውን በማስክ ደብቁት። ይሄ የሚሠራው አዲሱ ባክግራውንድ ከፀጉሩ የደመቀ ሲሆን ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ ጓደኛችን ነጠላ ለብሳ ነበር። ነጠላ ስስ ነው፤ ከኋላው ያለው ነገር በትንሹ ይታያል። ሙሉ ለሙሉ ከደፈናችሁት ካርቶን ይመስላል። ጫፉ ላይ ማስኩን በግራጫ ብሩሽ ሳስነካው ሰማዩ በሽመናው ውስጥ ብቅ አለ፤ ያኔ ጨርቅ ሆነ።

የቆዳን ቀለም እኩል ለማድረግ መሞከር

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ፤ ጓደኛን ሳያስቡት የሚያስቀይሙበት ቦታ ነው። ብዙ ሰው ፎቶዎችን ሲያመሳስል ፊትን ከፊት ጋር ያነጻጽራል። አንዱ ጠይም፣ አንዷ የቀይ ዳማ፣ አንዱ ጥቁር ከሆነ ይህ ማለት ጥቁሩን ማንጣት ነው። በመጀመሪያው ሙከራዬ የዱባዩን ጓደኛችንን እንዲያ አድርጌው ነበር። እሱ ዝም አለ፤ እህቱ ግን «ይሄ ወንድሜ አይደለም» አለችኝ። ልክ ነበረች።

መመሳሰል ያለበት ብርሃኑ ነው። ለዚህ የሚረዳው ነጭ ነገር ነው። ሁለተኛው ዙር ላይ እያንዳንዳቸው ነጭ ወረቀት ደረታቸው ላይ ይዘው አንድ ተጨማሪ ፎቶ እንዲነሱ ጠየቅሁ። በፎቶሾፕ Curves ውስጥ ካሉት ሦስት ጠብታ መሳቢያዎች መካከለኛውን ወረቀቱ ላይ ስጫነው አረንጓዴውና ብጫው ይጠፋል። ያንኑ ማስተካከያ ወደ ዋናው ፎቶ አዛውራለሁ። ወረቀት ከሌለ ሸሚዝ፣ ነጠላ፣ እንደምንም የዓይን ነጭም ያገለግላል።

ከዚያ ከሁሉም በላይ ለጊዜው Black & White ሌየር አስቀምጡ። ቀለም ሲጠፋ የብርሃኑ ልዩነት አፍ አውጥቶ ይናገራል። የአንዱ ጥላ ድፍን ጥቁር፣ የሌላው ግራጫ ከሆነ ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው በ Curves አስተካክሉ። ከኋላ የቆሙት ጥላቸው ትንሽ ይፍካ፤ ከሩቅ ያለ ነገር በአየሩ ምክንያት ደብዘዝ ይላልና። ይህ ሲያልቅ ሌየሩን አንሱት።

የፊልም ቀለም የሚባለው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ሁሉንም በሚሸፍን አንድ ሌየር ላይ። እኔ በ Curves የ Blue መስመርን ከታች በኩል ትንሽ ከፍ፣ ከላይ በኩል ትንሽ ዝቅ አደረግሁት። ጥላው ሰማያዊ፣ ብርሃኑ ወርቃማ ይሆናል። ግን ልብ በሉ፦ ጥቁር ቆዳ ፎቶ ላይ አብዛኛው ጥላ ውስጥ ስለሚወድቅ ሰማያዊው ቀድሞ እሱን ያገኘዋል። ቆዳው አመድ የነካው ይመስላል። ስለዚህ የዚህ ሌየር ማስክ ላይ ፊቶቹን በስሱ ጥቁር ብሩሽ አስነክታችሁ ቀለሙን ግማሽ ያህል ቀንሱት፤ ቡናማው ሙቀቱን ይመልሳል።

ሁሉንም ጥርት አድርጎ መተው

አንዱ ስልክ ጥርት አድርጎ ያነሳል፣ ሌላው ጥላው ውስጥ እንደ አሸዋ ያለ ነጠብጣብ ይረጫል። ይህ ሲታተም በደንብ ይለያል። በጣም የጠራውን ከሌሎቹ ጋር እስኪመጣጠን በጥቂቱ አደብዝዙት። በመጨረሻ ከሁሉም በላይ በ50 ከመቶ ግራጫ የተሞላ ሌየር አድርጉ፣ ወደ Soft Light ቀይሩት፣ Add Noise በ3 ወይም 4 ከመቶ ጨምሩበት፤ Monochromatic የሚለውን መምረጥ አትርሱ። አንድ ዓይነት አሸዋ አምስቱም ፊት ላይ፣ ሰማዩም ላይ እኩል ይረጫል። ከማተማችሁ በፊት የሙሽራውን ፊት ብቻ በA4 አሳትማችሁ በቀን ብርሃን እዩት፤ የኛ ከስክሪኑ ጠቆር ብሎ ስለወጣ መልሼ አበራሁት።