ለአለቃና ለእኩያ የሥራ መልእክት እንዴት ይጻፋል? «አንተ»ን ወደ «እርስዎ» ሲቀይሩ የሚያመልጡ ቃላት

መጀመሪያ ለማን በ«እርስዎ» እንደሚጻፍ ይወስኑ። የእኔ መለኪያ ቀላል ነው። ሰውዬው በዕድሜ ወይም በሥልጣን ከበለጡኝ፣ አንዱ ብቻ ይበቃል። በዕድሜ ለሚያንሰኝ አዲስ ሥራ አስኪያጅም በ«እርስዎ» እጀምራለሁ። አባቴን ለሚያህሉት የጥበቃ ሠራተኛም እንዲሁ። ፊት ለፊት ያላገኙት ሰው ከሆነና ስሙ ወንድ ይሁን ሴት ካልለየልዎት፣ «እርስዎ» ከዚህም ጭንቀት ያወጣዎታል፤ ጾታ አይለይምና።

ሰላምታው ብዙ አያስቸግርም። ለእኩያ «ሰላም»፣ ለትልቅ ሰው «ጤና ይስጥልኝ»። «አቶ» ወይም «ወይዘሮ» ካሉ የራሳቸውን ስም ያስከትሉ፤ የአባት ስም ብቻውን አይሆንም። «ጋሼ» እና «እትዬ» በቃል ደስ ይላሉ፤ ለደብዳቤ ግን አልመክራቸውም። አጻጻፉም «እርሶ» ሳይሆን «እርስዎ» ነው።

ከባዱ ግሱ ነው። ብዙዎቻችን ለጓደኛ የጻፍነውን መልእክት ኮፒ አድርገን ለኃላፊ እናስተካክለዋለን። ይህን ይመልከቱ፦

«ሰላም። የወሩን ሪፖርት ልኬልሃለሁ። አይተህ አስተያየትህን ላክልኝ። ነገ ስብሰባ ስላለ ዛሬ ብታየው ጥሩ ነው።»

«ህ»፣ «ሃ»፣ «ሽ» እና «ሻ»ን እየፈለጉ መቀየር ጥሩ ጅማሬ ነው። «ልኬልሃለሁ» ወደ «ልኬልዎታለሁ»፣ «አይተህ» ወደ «አይተው»፣ «አስተያየትህን» ወደ «አስተያየትዎን» ይሄዳል። ግን ሁለት ቃላት ከዚህ ፍለጋ ያመልጣሉ። አንዱ ትእዛዙ «ላክልኝ» ነው። ሁለተኛው «ብታየው» ነው። በውስጡ «ህ» የለም፤ «አንተ» የተደበቀው መሐል ላይ ባለችው «ታ» ነው። «እንድትልክ»፣ «ብትነግረኝ»፣ «ስትመጣ» ሁሉ እንደዚሁ ናቸው።

እኔን የጣለችኝ ይህችው ናት። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን በዕድሜ ለገፉ የክፍል ኃላፊ ረጅም መልእክት ጻፍኩ። ከላይ «እርስዎ» ብዬ ጀምሬ ታች ላይ «ነገ ጠዋት እንድታየው» የሚል ቀረ። መልሳቸው «አይቼዋለሁ» ብቻ ነበር። ምን እንዳጠፋሁ የነገረችኝ አጠገቤ የምትሠራ ባልደረባዬ ናት። አንዲት ቃል ስታመልጥ ከላይ ያለው አክብሮት ሁሉ የይስሙላ ይመስላል። ከዚያ ወዲህ ከመላኬ በፊት መልእክቱን ድምፅ አውጥቼ አነበዋለሁ። ዓይን ያለፈውን ጆሮ ይይዘዋል። የስልኩን ኪቦርድ የቃል ጥቆማ ግን አላምነውም፤ ለጓደኛ የለመድነውን ቃል ነው የሚያቀርበው።

የተስተካከለው ይህን ይመስላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። የወሩን ሪፖርት ልኬልዎታለሁ። አይተው አስተያየትዎን ቢልኩልኝ። ነገ ስብሰባ ስላለ ዛሬ ቢያዩት ጥሩ ነው።»

«ላክልኝ»ን «ይላኩልኝ» ሳይሆን «ቢልኩልኝ» ያልኩት አስቤበት ነው። «ይላኩልኝ» የአክብሮት ቃል ቢሆንም ያው ትእዛዝ ነው። ለአለቃ «ቢልኩልኝ»፣ ጉዳዩ ከበድ ካለ ደግሞ «እንዲልኩልኝ በትህትና እጠይቃለሁ» ይሻላል። ይህን የመጨረሻውን ለእኩያ አይላኩት። አብሮዎት ምሳ የሚበላ ሰው «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ይጨነቃል። ለእሱ «እስቲ ላክልኝ» ይበቃል።

ሌላው የሚያምታታው «ዎ» እና «ቸው» ነው። «ሪፖርትዎ ደርሶኛል» የሚባለው ለሚጽፉላቸው ሰው ነው። «ሪፖርታቸው ደርሶኛል» ካሉ ግን ስለ ሌላ ሰው እያወሩ ነው። ግሱ ደግሞ ይህን አይለይም። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ሪፖርቱን ልከዋል?» ብለው ቢጠይቁ፣ እርስዎ፣ እሳቸው ወይም እነሱ ማለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ባለቤቱን ይጻፉት፦ «እርስዎ ልከዋል?»፣ «ኃላፊው ልከዋል?»። አለቃም እኩያም ላለበት ግሩፕ የሚጻፍ አጠቃላይ ማስታወቂያ ከሆነ በ«እናንተ» መጻፍ ይቀላል፦ «አይታችሁ አስተያየታችሁን ብትልኩልኝ»።

አንዳንድ ኃላፊዎች ከጊዜ በኋላ «አንተ በለኝ» ወይም «አንቺ በዪኝ» ይላሉ። እስኪሉ ይጠብቁ፤ ቀድመው አይዝለሉ። ከተባለ በኋላም እኔ በግል መልእክት ብቻ ነው የምጠቀምበት። ሌሎች በሚያነቡት ግሩፕና ግልባጭ ባለው ደብዳቤ ላይ ወደ «እርስዎ» እመለሳለሁ፤ ሌሎቹ አንባቢዎች ፈቃዱን አልሰሙምና።