ቀለሙን ተዉት፣ የደም ስሩን ተከተሉ

ደሴም ወልድያም ግላኮማ ለምታስተምሩ፦ ተማሪ የሬቲና ፎቶ ሰጥታችሁት ከፑን ለካ ስትሉት የሚለካው መሀል ላይ የነጣውን ብቻ ነው፣ እሱ ደሞ ብዙ ጊዜ ከፑን ያሳንሰዋል። በቃ ቀለሙን ተዉትና ከዲስኩ ጠርዝ ወደ መሀል የሚገቡትን ቀጫጭን የደም ስሮች ተከተሉ፣ ድንገት እጥፍ የሚሉበት ነው የከፑ አፋፍ፣ ምክንያቱም ስሩ የተኛው ሪሙ ላይ ስለሆነ ሪሙ ሲያልቅ አብሮ ይወርዳል፣ መንገዱ የበሽሎ ገደል አፋፍ ደርሶ ቁልቁል እንደሚታጠፈው። ለምሳሌ በቀለም ቁመቱን 0.4 ያላችሁት ከፕ፣ የላይኛው ስር የነጣው ጫፍ ላይ ታጥፎ የታችኛው ግን የዲስኩ ጠርዝ አጠገብ ከታጠፈ 0.6 ወይ 0.7 ሊወጣ ይችላል፣ የታችኛው ሪም ሳስቷል ማለት ነው። ዲስኩ ያዘመመ ወይ ከባድ ማዮፒያ ያለበት ከሆነ ግን እጥፋቱ ያሳስታል፣ እዛ ላይ አትጠቀሙበት።