ከልክ በታች የወረዱ ዕቃዎች ሪፖርት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ላይ የባጃጅ መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ ዕቃውን ከመርካቶ ሲያዝ፣ ጭነቱ የዓባይን በረሃ አልፎ እስኪመጣ መጠበቅ አለበት። ባለባጃጁ ግን አይጠብቅም። ፍሬኑ ካለቀ ጎረቤት ሱቅ ገብቶ ይገዛል። ስለዚህ ዕቃው ሳያልቅ የሚያስጠነቅቅ ሪፖርት ያስፈልጋል።

ሂሳቡ ቀላል ነው። የቀን አማካይ ሽያጩን ዕቃው ለመድረስ በሚፈጅበት ቀን፣ ማለትም በሊድ ታይሙ፣ ያባዙታል፣ መጠባበቂያ ይጨምሩበታል። ያ ነው ሪኦርደር ሌቭል፣ ማለትም የማዘዣው ልክ። ስቶኩ እዚያ ሲደርስ ይታዘዛል። ሪፖርቱ የሚያሳስተው ወደ ሂሳቡ የሚገቡት ቁጥሮች ሲበላሹ ነው። አንድ ዕቃ፣ የፍሬን ሸራን፣ ለምሳሌ እንውሰድ።

ዕቃ ያልነበረባቸውን ቀናት በአማካዩ ውስጥ መቁጠር

በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ባለፉት 30 ቀናት 60 ጥንድ ሸራ ተሸጧል እንበል። 60 ለ30 ሲካፈል በቀን 2 ይሆናል። ግን የዕቃው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚመዘገብበትን ቢን ካርድ ገልጠው ሲያዩት፣ ለ10 ቀን ያህል ቀሪው ዜሮ ነበር። በእነዚያ ቀናት ፈላጊ አልጠፋም። «ሸራ አለ?» ሲባል «አልቋል ወንድሜ» እየተባለ ተሸኝቷል፤ ይህ ደግሞ የትም አይመዘገብም። 60ው ጥንድ የተሸጠው በ20 ቀን ነው። ትክክለኛው አማካይ በቀን 3 ነው።

አደገኛነቱ ራሱን እየመገበ መሄዱ ላይ ነው። ዕቃው ሲያልቅ አማካዩ ይወርዳል። አማካዩ ሲወርድ የማዘዣው ልክ ይወርዳል። ልኩ ሲወርድ ትእዛዙ ይዘገያል፣ ዕቃውም በሚቀጥለው ወር ለብዙ ቀን ይጠፋል። ሪፖርቱ ግን «ይህ ዕቃ ብዙም አይሸጥም» ይልዎታል። ስለዚህ ሽያጩን የሚያካፍሉት ዕቃው መደርደሪያ ላይ በነበረባቸው ቀናት ብቻ ይሁን።

በተቃራኒው አንድ ማኅበር መጥቶ 20 ጥንድ ባንዴ ቢወስድ፣ ያን ሽያጭ ከአማካዩ ያውጡት። በየወሩ የሚመጣ ካልሆነ በስተቀር።

የአቅራቢውን ቃል እንደ ሊድ ታይም መውሰድ

አቅራቢው «በሳምንት ይደርሳል» ይላል። እሱ የሚቆጥረው ከሚጭንበት ቀን ጀምሮ ነው። እርስዎ መቁጠር ያለብዎት ካዘዙበት ቀን አንስቶ ዕቃው ተቆጥሮ መደርደሪያ እስከሚወጣበት ቀን ነው። ገንዘብ የሚተላለፍበት፣ ጭነት እስኪሞላ የሚጠበቅበት፣ የሚራገፍበት ጊዜ ሁሉ ይገባበታል። ያለፉትን አራት ትእዛዞች ደረሰኝ ያውጡ። 8፣ 9፣ 11 እና 12 ቀን ከፈጁ፣ አማካዩ 10 ነው።

ልዩነቱን አሁን ይመልከቱ። በተሳሳቱት ቁጥሮች፣ ያለ መጠባበቂያ፣ 2 በ7 ተባዝቶ ልኩ 14 ይሆናል። በቀን 3 የሚሸጥ ከሆነ 14 ጥንድ አምስት ቀን እንኳ አይሞላም፤ ዕቃው የሚመጣው ግን በአሥረኛው ቀን ነው። በትክክለኛዎቹ ደግሞ 3 በ10፣ 30 ነው። መጠባበቂያውን ለማግኘት ትልቁን የቀን ሽያጭ፣ 4 እንበል፣ ከረጅሙ ጥበቃ ከ12 ቀን ጋር ያባዙና 30ውን ይቀንሱ። 18 ይመጣል። የማዘዣው ልክ 48 ሆነ ማለት ነው። ቶሎ ለሚሸጥ ርካሽ ዕቃ ይህ ጥሩ ነው። ውድ ለሆነ የሞተር ዕቃ ግን ብር ያስራል፤ እዚያ ላይ መጠባበቂያውን ቀነስ ያድርጉ።

እሑድ የሚዘጉ ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ቀን ይቁጠሩ። ሽያጩን በሥራ ቀን አካፍለው ጥበቃውን በካላንደር ቀን ካባዙት ልኩ ያለአግባብ ከፍ ይላል።

መንገድ ላይ ያለውን ዕቃ መርሳት

ሪፖርቱ መደርደሪያውን ብቻ ካየ፣ ትናንት የታዘዘውን ዕቃ ዛሬም «ይታዘዝ» ይላል። የሱቁ ልጅም አምኖት ደግሞ ያዛል። በኤክሴል እንዲህ ይጻፍ፦

```
=IF(B2+C2<=D2*E2+F2,"ይታዘዝ","")
```

B2 መደርደሪያ ላይ ያለው፣ C2 ታዞ ያልደረሰው፣ D2 የቀን አማካይ፣ E2 የጥበቃ ቀን፣ F2 መጠባበቂያው ነው። ከE2 በስተቀር ሁሉም በአንድ መለኪያ፣ በጥንድ፣ ይሁኑ። ትእዛዙ በካርቶን ከተመዘገበ ወደ ጥንድ ይቀየር።

C2 የራሱ ጣጣ አለው። 60 ታዞ 40 ብቻ ሲመጣ፣ ቀሪው 20 ካልተሰረዘ እዚያው ይቀመጣል። መደርደሪያው ላይ 30 ቀርቶ ሪፖርቱ 50 አለ ብሎ ያስባል፤ ከ48 በላይ ስለሆነም ዝም ይላል። ስለዚህ የትእዛዝ ቀን የሚጻፍበት አንድ ዓምድ ይጨምሩ። ከረጅሙ ጥበቃ፣ እዚህ ከ12 ቀን፣ ያለፈ ትእዛዝ ካለ አቅራቢው ጋ ይደውሉ። የማይመጣ ከሆነ ያን ቁጥር ከC2 ላይ ያንሱት።