ስፔኩ ሌላ፣ ቢኦኪው ሌላ ሲል፦ ጨረታው ከመዘጋቱ በፊት የሚጻፈው ደብዳቤ

ምልክቱ

የግንባታ ጨረታ ሰነድ ገዝታችሁ ዋጋ ስትሞሉ አንዱ ነጠላ ዋጋ አልገጥም ይላል። አንዱ ባለሙያ ከቢኦኪው፣ ማለትም ከሥራ ዓይነትና መጠን ዝርዝሩ፣ ሌላው ደግሞ ከስፔኩ፣ ማለትም ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ከሚናገረው ቴክኒካዊ መግለጫ ተነስቶ ይሠራል፤ ውጤታቸው ይራራቃል።

መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ከተማ የጤና ኬላ ጨረታ ወጣ እንበል። ቢኦኪው ተራ ቁጥር 2.03 ላይ የመሠረት ድንጋይ ግንብ በ1:4 ሞርታር፣ ማለትም አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአራት እጅ አሸዋ፣ 120 ሜትር ኪዩብ ይላል። ስፔኩ አንቀጽ 4.2 ላይ ግን ከመሬት በታች ያለ ግንብ ሁሉ በ1:3 ይሠራ ይላል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን በአንድ ሜትር ኪዩብ ግንብ 30 ኪሎ ገደማ ሲሚንቶ ይለያያል። በ120ው ሲባዛ 36 ኩንታል ነው፣ መንዝ ድረስ የሚጫንበት ሳይቆጠር።

ምክንያቱ

ብዙ ጊዜ ስፔኩ ከቀድሞ ፕሮጀክት እንዳለ ይገለበጣል፣ ቢኦኪው ግን በጀት ሲጠብ ይከለሳል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ያነበበ የለም።

ከመጻፋችሁ በፊት ግን የቢኦኪውን መግቢያ አንብቡ። ቢኦኪው ሬሾውን ሳይጠቅስ «በስፔኩ መሠረት» ብቻ ካለ ግጭት የለም፣ 1:3 ነው። ፕላኑንም እዩት፤ አንዳንዴ እሱ ሦስተኛ ቁጥር ይዞ ይጠብቃችኋል።

መፍትሄው

የማብራሪያ ጥያቄ የሚቀርብበት የመጨረሻ ቀን ሰነዱ ውስጥ ተጽፏል፤ ጨረታው ከሚዘጋበት ቀን ቀድሞ ያልቃል። ከዚያ በፊት ጨረታውን ያወጣውን መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ጠይቁ። የጨረታውን ቁጥር ርዕሱ ላይ አድርጉና እንዲህ ጻፉ፦

«በቢኦኪው ተራ ቁጥር 2.03 የመሠረት ግንብ ሞርታር 1:4 ተብሏል። በስፔሲፊኬሽኑ አንቀጽ 4.2 ግን 1:3 ተብሏል። ዋጋ የምንሞላው በየትኛው እንደሆነ ለሁሉም ተጫራቾች በጽሑፍ እንዲገለጽልን እንጠይቃለን።»

በቃ። «ሰነዱ ግልጽ አይደለም» ብላችሁ ብትጽፉ የሚመጣው መልስ «በሰነዱ መሠረት ሙሉ» ነው። የራሳችሁን ዋጋ የሚጠቁም ነገር አታስገቡ፣ 1:4 ይሁንልን ብላችሁም አትከራከሩ። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ቀሪው ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም አስመቱበት።

ትክክለኛው መልስ ሰነዱን ለገዙ ሁሉ የሚላክ ማሻሻያ ነው፣ የጠያቂው ስም አይጠቀስበትም። ኢንጂነሩ በስልክ «በ1:4 ሙሉት» ቢላችሁ አትመኑበት፤ ሥራ ሲጀመር ያንን የሚያስታውስላችሁ የለም።

መልስ ሳይመጣ ቀኑ ከደረሰስ? የውሉን ሁኔታዎች ገልጣችሁ የሰነዶች ቅደም ተከተል የሚለውን እዩ። በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው የፊዲክ ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል ለምሳሌ ስፔክ ከቢኦኪው ይቀድማል፣ ስለዚህ በ1:3 መሙላት ያዋጣል። የእናንተ ሰነድ ግን ሌላ ቅደም ተከተል ሊኖረው ይችላል፣ በልማድ አትሂዱ። ከዋጋው ጎን «1:4 ከሆነ ብቻ» ብሎ መጻፍ ደግሞ አይሞከርም፤ ቅድመ ሁኔታ ያለው ዋጋ ተብሎ ከነሰነዱ ሊያስወድቃችሁ ይችላል። ማህተም ያለበትን ቀሪ ግን አስቀምጡት፣ ተቆጣጣሪው 1:3 አምጡ ባለ ቀን መጀመሪያ የምታወጡት ወረቀት እሱ ነው።