የምር የሚመስል ሚም ሙድ እየያዘ መሆኑን እንዴት ታነቡታላችሁ

ስለ ምጸት በጥቅሉ ማውራት የትም ስለማያደርስ አንድ ሚም እንውሰድና እሱኑ እንበልተው። ምስሉ ላይ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ እጁን አጣጥፎ ቆሟል፣ ከኋላው ጀምበር እየጠለቀች ነው፣ ጽሁፉ በወፍራም ቢጫ ፊደል እንዲህ ይላል፦ «ድሮ ከደሴ ኮምቦልቻ በእግሬ ነበር የምወርደው። ብዙዎች ሳቁብኝ። ዛሬ ግን ፈጣሪ ይመስገን በሚኒባስ ነው የምሄደው፣ ያውም ጋቢና። ተስፋ አትቁረጡ!» ከስሩ ሁለት የጸሎት እጅ። አንዱ ያየውና በሳቅ ይሞታል፣ ሌላው «አሜን ለኛም ይድረሰን» ብሎ ያልፋል፣ ሶስተኛው «ይሄ ምኑ ነው ስኬት?» ብሎ ይናደዳል።

መጀመሪያ ሳትስቁ አንብቡት። የምሩን ቢሆን ምን እያለ ነው? ለራሳችሁ ባጭሩ በሉት፦ በእግሩ ይሄድ የነበረ ሰው አሁን የሚኒባስ መክፈል ስለቻለ ያመሰግናል። እንዲህ ስትሉት ነገሩ እንደማይመጣጠን ወዲያው ይታያችኋል፣ ሱፉም ጀምበሯም «ብዙዎች ሳቁብኝ»ም ተደራርበው መጥተው ያረፉት አንድ የሚኒባስ ወንበር ላይ ነው። ወጉ ትልቅ ሆኖ ነገሩ ትንሽ ሲሆን ጠርጥሩ። ግን መጠርጠር ብቻ፣ ምክንያቱም በትንሽ ነገር ከልቡ የሚያመሰግን ሰው እኛ ጋ ሞልቷል፣ እሱ ላይ ስቀን እንዳንገኝ።

ቀጥሎ ድምጹ የማን እንደሆነ ፈልጉ። ዋናው ስራ እዚህ ነው። ትምህርት ቤት የተማርነው ምጸት ማለት የልብን ገልብጦ መናገር ነው የሚል ነበር አይደል፣ እስኪ ይሄን ሚም ገልብጡት፦ «ተስፋ ቁረጡ፣ በሚኒባስ አልሄድም» ይሆናል። ማንም እንዲህ እያለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 ዳን ስፐርበርና ዲርድሬ ዊልሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች ያነሱት ሀሳብ እዚህ ጋ በጣም ይጠቅማል፣ ምጸተኛው ተቃራኒውን ሳይሆን የሌላ ሰው ንግግር ነው መልሶ የሚያስተጋባው፣ እያስተጋባም «እኔ የለሁበትም» የሚል ርቀት ይይዛል ነው ነገሩ። ሰምና ወርቅ የለመደ ሰው ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለበት፣ ዋድላ የቅኔ አገር ቅርባችን ስለሆነ መሰለኝ ሁላችንም ቃል መፈልፈል እንወዳለን፣ እዚህ ግን የተሰበረ ቃል የለም፣ ሚኒባስ ሚኒባስ ነው፣ ጋቢናም ጋቢና። የተደበቀው ተናጋሪው ነው።

ድምጹን ለማግኘት አንድ ቀላል ፈተና አለች። ትንሿን ነገር አውጡና በቦታዋ ትልቅ ነገር አስገቡ፦ «ድሮ በእግሬ ነበር የምሄደው። ብዙዎች ሳቁብኝ። ዛሬ ግን ፈጣሪ ይመስገን የራሴን ላንድክሩዘር እነዳለሁ። ተስፋ አትቁረጡ!» ይሄንንማ ስንት ጊዜ አይታችሁታል! ስለ ስኬት የሚያነቃቁ ሰዎች በየቀኑ የሚለጥፉት ነው፣ አንዳች የሚያስቅ ነገር የለውም። ቅያሪው ያለምንም እንከን ከገባ ቅርጹ ከዛ የተዋሰ ነው ማለት ነው፣ ሙድ የተያዘውም መጀመሪያ በቅርጹ ላይ ነው። ካልገባ፣ ማለትም ጽሁፉ በራሱ ወዝ የሚሄድ ከሆነና የማንንም አነጋገር ካላስታወሳችሁ፣ ምናልባት ሰውዬው የምሩን ነው።

ሌላዋ ምልክት «ያውም ጋቢና» ናት። የምሩን የሚያነቃቃ ሰው ዝርዝር አይወድም፣ «መከራን አልፌ ለዚህ በቃሁ» ብሎ በጅምላ ነው የሚሄደው፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው የራሱን ህይወት እንዲያስገባበት ይፈልጋል። የሚቀልደው ግን ከልክ በላይ ልክ የሆነች አንዲት ነገር መሃሉ ላይ ያስቀምጣል። ጋቢና ጌጥ አይደለችም፣ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን መንገድ በዛ ሁሉ ጥምዝምዝ ከኋላ ትርፍ ተጭኖባችሁ ጉልበታችሁ አገጫችሁ ጋ ደርሶ የወረዳችሁ ሰዎች ታውቁታላችሁ፣ ጋቢና የደረሰው ሰው በእውነት ሌላ መደብ ነው 😂። የምሩን ከሚለጥፍ ሰው እንዲህ አይነት ነገር ብዙ አትጠብቁ፣ ከሱ የምትጠብቁት ከስር ስልክ ቁጥር ወይ የስልጠና ማስታወቂያ ነው።

አሁን የሚሳቀው በማን ላይ ነው? ይሄን ሳትመልሱ አንብቤዋለሁ እንዳትሉ፣ ምክንያቱም ጽሁፉ አንድ ሆኖ ምስሉ ብቻ ሲቀየር ዱላው አቅጣጫ ይቀይራል። ሱፍ የለበሰው ማንነቱ የማይታወቅ የማስታወቂያ ፎቶ ከሆነ የሚመታው አነቃቂው ነው፣ ከሱ ጀርባ ደግሞ የሚኒባስ ታሪፍ እንደ ስኬት የሚቆጠርበት ኑሮ አለ፣ ይሄ ሁለተኛው የትርጉም ድርብ ነው። ያንኑ ጽሁፍ ግን አንዱ ሳያስፈቅድ ባነሳው ሸክም የተሸከመ ሰው ፎቶ ላይ ለጥፉትና እዩት። ቃሉ ምስጋና ነው፣ «ጀግና» የሚል ኮመንትም ይዘንብለታል፣ ግን የሚሳቀው ሰውዬው ላይ ነው፣ አክብሮቱ መሸፈኛ ሆነ። የምትፈትሹት እንዲህ ነው፦ ምስሉ ላይ ያለው ሰው ራሱ ይሄን ቢያነብ አብሮን ይስቃል ወይስ ፊቱን ያዞራል? ፊቱን የሚያዞር ከሆነ ያ ምጸት ሳይሆን አሽሙር ነው፣ ለጣፊው «ኧረ አድንቄው ነው» ቢልም።

ከዛ በኋላ ነው ብዙ ሰው የሚስተው ድርብ የሚመጣው፣ ከሳቁ ስር የምሩ ነገር ተርፎ ይሆን? እኔ ይሄኛው ሚም ላይ ተርፏል ባይ ነኝ። ሐረጎ ላይ ጉም ወርዶ መንገዱ ሲጠፋ፣ ሹፌሩ ቀስ ብሎ ሲጠመዝዝ፣ እናንተ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ብርዱን ከደሴ ጋር ጥላችሁ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ስትወርዱ በእውነት ደስ ይላል። የሰራው ልጅ ጋቢናን የመረጠው ይሄን ስለሚያውቅ ነው፣ አነቃቂው ላይ እየሳቀ በዛው ጋቢናዋን ይወዳታል። ግን እዚህ ጋ ልጓም ያስፈልጋል፣ ለምታነሱት ድርብ ሁሉ ምስሉ ላይ ወይ ጽሁፉ ላይ በጣት የምታሳዩት ነገር ይኑራችሁ። አራተኛ ድርብ፣ አምስተኛ ድርብ እያሉ የሚቆፍሩ አሉ፣ እነሱ የራሳቸውን ሀሳብ ነው መልሰው የሚያነቡት።

ኮመንቱንም እዩ፣ ግን ለሁሉም እኩል ክብደት አትስጡ። «እኔም ባለፈው ጋቢና ደርሶኝ ቤተሰብ ሁሉ አልቅሷል» የሚለው ጨዋታው ገብቶት ጭምብሉን አብሮ ያጠለቀ ነው። «አሜን» ባዩ ግን በሁለቱም በኩል ሊሆን ይችላል፣ ፕሮፋይሉን ካላያችሁ አይለይም።

አንዳንዴ ይሄን ሁሉ አድርጋችሁም አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2005 ናታን ፖ የሚባል ሰው ኢንተርኔት ላይ ስለ ሃይማኖት ክርክር ሲደረግ የጻፋትና በኋላ «የፖ ህግ» የተባለች ነገር አለች፣ ጥቅሻ ወይ የቀልድ ምልክት ከሌለበት የጽንፈኛን ሰው ማሾፊያ ከራሱ ከጽንፈኛው መለየት አይቻልም ትላለች። ሚሙ ስክሪንሾት ተነስቶ፣ የገጹ ስም ተቆርጦ፣ ቴሌግራም ላይ ሲዞር የሚሆነው ይሄው ነው። መፍትሄው ወደ ምንጩ መመለስ ነው፣ ገጹን ካገኛችሁት ከዛ በፊት የለጠፈውን ሶስት አራት ነገር እዩ፣ ሁሉም ጀምበርና ሱፍ ከሆነ የምሩን ነው፣ መሃል ላይ «ዛሬ በግሌ ሙሉ ሽሮ በላሁ፣ ለወጣቱ አርአያ ይሁን» የሚል ካለ ታውቋል። ገጹ ካልተገኘ ደግሞ ሁለቱንም ንባብ ይዛችሁ ቆዩ፣ መፍረድ ግዴታ አይደለም።

አክስታችሁ በቤተሰብ ግሩፕ «ልጆቼ አንብቡት፣ በርቱ» ብላ ብትልከው ግን ምስሉ ያው ሆኖ ተናጋሪው ተቀይሯል። አሁን የምትናገረው እሷ ናት፣ እሷ ደግሞ የምሯን ነው፣ ስለዚህ እዛ ግሩፕ ላይ ትክክለኛው መልስ «አሜን እትዬ» ነው።